እትዬ፣ ስክሪንሾቱ ደርሶኛል፤ ዋናውን ፋይል ግን እፈልጋለሁ

መልእክቱ ሁልጊዜ አጭር ነው። «ልጄ፣ ሎጎው ይኸውልህ። ከታች ‹ቡና ቤት› የሚለውን ‹ቡናና ዳቦ ቤት› አድርግልኝ። ትንሽ ነገር ናት። ለታፔላው ቅዳሜ እፈልገዋለሁ።» ከሥሩ የስልክ ስክሪንሾት ተያይዟል። ከላይ ሰዓቱና የባትሪው መጠን፣ ከታች የቴሌግራም ቻናሉ ስም፣ መሃል ላይ ክቡ ሎጎ፤ ውስጡ ጀበና፣ ግራና ቀኙ አንዳንድ የቡና ፍሬ።

እኛ ዲዛይነሮች ለዚህ «ቬክተሩን ይላኩልኝ» ብለን በአንድ መስመር እንመልስና ዝም እንላለን። ደንበኛዋ ደግሞ ሎጎውን በዓይናቸው እያዩት «ልኬለት የለ እንዴ?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መጓተት ሁሉ ከዚህች አንድ መስመር ይጀምራል። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ መጻፍ ይሻላል። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር።

ሰላም እትዬ፣

ስክሪንሾቱ ደርሶኛል። የሚፈልጉትን ለውጥ ለመረዳት ከበቂ በላይ ነው። ዋጋ ለመንገርም፣ «እንዲህ ቢሆንስ» ብዬ ረቂቅ ለማሳየትም ይበቃኛል። ታፔላውን ለመሥራት ግን አይበቃም። ምክንያቱን በእርስዎ ሎጎ ላይ እየቆጠርኩ ላሳይዎ።

የስልክዎ ስክሪን ወደ ጎን 1080፣ ወደ ታች 2400 ፒክስል ነው እንበል። ፒክስል ማለት አንድ ቀለም ብቻ የምትይዝ ትንሽ አራት ማዕዘን ናት፤ ሙሉው ምስል ከእነዚህ የተነጠፈ ሞዛይክ ነው። ሎጎው የስክሪኑን ግማሽ ያህል ስለያዘ ወርዱ 540 ፒክስል ነበር። ከዚያ እንደ ፎቶ አድርገው በቴሌግራም ላኩት። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የፎቶን ረጅም ጎን ወደ 1280 ያሳንሳል፤ 2400 የነበረው 1280 ሲሆን 540 የነበረው ሎጎ ወደ 288 ወረደ። እኔ ጋ የደረሰው 288 ፒክስል ወርድ ያለው ክብ ነው።

288 ፒክስል በወረቀት ላይ ስንት ይሆናል? ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ምስል ጥርት ብሎ ሊታተም የሚችለው በ2.4 ሴንቲ ሜትር ወርድ ነው፤ ከጠርሙስ ቆርኪ ያንሳል። ታፔላዎ ላይ ክቡ 1 ሜትር ከ20 እንዲሆን ነው የፈለጉት። 1200 ሚሊ ሜትርን ለ288 ሲያካፍሉት እያንዳንዱ ፒክስል ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ታፔላ ከሩቅ ስለሚታይ በኢንች 300 አያስፈልገውም፣ እውነት ነው፤ ለትልቅ ባነር 100ም ከዚያ በታችም ይበቃል። የእርስዎ ግን በኢንች 6 ነው የሚደርሰው። ከመንገድ ማዶ ቆሞ እንኳ የክቡ ጠርዝ እንደ ደረጃ ሲሰባበር ይታያል። ማተሚያ ቤቱ ደረጃውን ለመደበቅ ምስሉን ካለሰለሰው ደግሞ ጠርዙ እንደ ጭጋግ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ አንዲት ፊደል ጠጋ እንበል፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። ከታች ያለው ጽሑፍ ቁመቱ የክቡ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ነው፣ ማለትም 24 ፒክስል። «ቤት» ከሚለው ውስጥ ቤን ይመልከቱ። ቤን ከቢ የሚለያት በቀኝ እግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። በስክሪንሾቱ ላይ ቀለበቷ ከነውፍረቷ 6 ፒክስል ያህል ብትሆን ነው፤ በውስጧ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ 2 ፒክስል። እነዚያ ሁለቱም ንጹሕ አይደሉም። ቀለማቸው ቡናማም ክሬምም ያልሆነ፣ መሃል ላይ የቀረ ግራጫ ነገር ነው። ይህን ሲያጎሉት ቀለበቷ ትደፈናለች፤ ቤ ቀለም የተንጠባጠበባት ቢ ትመስላለች። የላቲን ፊደል ትንሽ ቢደበዝዝም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ከሌላው የሚለየው እንዲህ ያለች ቅንጣት ቅጥያ ናት፤ ብዥታ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷ ናት።

ያ ግራጫ ከየት መጣ? ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ከስልኩ ነው። ክብ ወይም ሰያፍ መስመር በአራት ማዕዘኖች ሲሠራ እንዳይሰባበር ኮምፒውተሩ ጠርዙ ላይ ያሉትን ፒክስሎች የሎጎውን ቀለም ከጀርባው ቀለም ጋር አደባልቆ ይቀባቸዋል። ስክሪን ላይ ይህ ያምራል። ሁለተኛው ከጄፔግ ነው፤ ፎቶ ሲላክ የሚጨመቅበት መንገድ። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ጓዳ ከፋፍሎ በየጓዳው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ይቀንሳል። ለሰው ፊት፣ ለሰማይ፣ ለወጥ ፎቶ ይህ አይታወቅም። ለፊደል ግን ክፉ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ ትንኝ የወረረው የሚመስል ነጠብጣብ ይተዋል። ስክሪንሾቱን በኮምፒውተር ከፍተው አምስት ስድስት እጥፍ ቢያጎሉት በጀበናው አንገት ዙሪያ ያዩታል።

ታፔላው ላይ ክሬሙን ጀርባ አንስተን ሎጎውን በጥቁር አረንጓዴ ላይ እናስቀምጠው ብለዋል። እዚህ ላይ ጠርዙ ራሱን ያጋልጣል። የተደባለቁት ፒክስሎች ውስጣቸው ክሬም አለ፤ ክሬም ጀርባ ላይ ሳሉ አይታዩም ነበር። አረንጓዴ ላይ ሲቀመጡ በክቡ ዙሪያ፣ በየፊደሉ ዙሪያ፣ የነጣ ቀጭን ክፈፍ ሆነው ይወጣሉ። እሱን ለማስወገድ ጠርዙን ልፋቀው ካልኩ ፊደሉ ይቀጥናል፤ ቀድሞውኑ 2 ፒክስል የነበረው ነገር ላይ የምፍቀው የለኝም።

ዋናው ፋይል ከዚህ በምን ይለያል? ቬክተር የሚባለው ፋይል ሥዕሉን አይዝም፤ ሥዕሉ እንዴት እንደሚሣል ነው የሚይዘው። «መሃሉ እዚህ፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ ይህን ያህል፣ ቀለሙ ይህ» ብሎ ይጽፋል። የእርስዎ ክብ በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ቢገኝ ይህን ይመስላል፦

```
<circle cx="50" cy="50" r="48" fill="#5A2D1A"/>
```

ይኸው ነው። ይህች መስመር ለጠርሙስ ቆርኪም ለሕንፃ ግድግዳም እኩል ትሠራለች፤ ማሽኑ በተፈለገው መጠን እንደ አዲስ ይሥለዋል። ቀለሙን መቀየር ከፈለግኩ `#5A2D1A` የምትለውን የቀለም ቁጥር እቀይራለሁ፤ ክቡ በሙሉ፣ ጠርዙም ጭምር፣ አብሮ ይቀየራል። ስክሪንሾቱ ላይ ግን «ቡናማው» አንድ ቀለም አይደለም። አንድ ወጥ የሚመስለው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ቀለም ብለካ `#5A2D1A`፣ `#5C2F1D`፣ `#572B17` ዓይነት ሦስት መልስ አገኛለሁ። የትኛው ነው የእርስዎ? ማንም አያውቅም።

የቀለሙ ነገር ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ የሚታወቀው ግን ዕቃዎችዎ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ነው፤ ማተሚያ ግን በአራት ቀለም፣ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ያትማል። ስክሪን ላይ አንድ የሚመስል ቡናማ ከብዙ የተለያዩ የአራቱ ቀለም ድብልቆች ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከስክሪኑ ተነስቶ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። የወረቀት ኩባያዎቹ በአንድ ቡናማ ታትመው ታፔላው በሌላ ቢወጣ፣ አንዱ ወደ ቀይ አንዱ ወደ ጥቁር ያደላል። ዋናው ፋይል ውስጥ ግን የአራቱ ቀለም መጠን በመቶኛ ተጽፎ ይገኛል፣ ወይም ፓንቶን በሚባለው የቀለም ናሙና ደብተር ያለው ቁጥር። ስቲከር ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የስቲከር ጥቅል ቀለሙ ከፋብሪካ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ናሙናው ደብተር ላይ ጣትዎን አስቀምጠው ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ለውጥ። «ቡና ቤት» አራት ፊደል ነው፤ «ቡናና ዳቦ ቤት» ሰባት። ጽሑፉ በቀጥታ መስመር ላይ ቢሆን ወደ ጎን ይረዝም ነበር። የእርስዎ ግን በክቡ የታችኛው ቅስት ላይ ነው የተቀመጠው፤ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሰዓት ቁጥር በየቦታው ትንሽ ዘንበል ብሏል። አሁን ያለው ጽሑፍ ከክቡ 60 ዲግሪ ያህል ይይዛል። አዲሱ በዚያው የፊደል መጠን ከ100 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያን ያህል ሲዘረጋ ግራና ቀኝ ያሉትን የቡና ፍሬዎች ይገጫል። ስለዚህ ፍሬዎቹ ወደ ላይ መገፋት አለባቸው፤ ወደ ላይ ሲገፉ የላይኛው ስም ጋ ይጠጋሉ፤ እዚያም ክፍተቱን ማስተካከል ይመጣል። ወይም ፊደሉን እናሳንሳለን፤ ያኔ ደግሞ የላይኛው ስም በጣም ገዝፎ ይታያል። ትንሽ ያሉኝ ለውጥ ሦስት ነገር ያንቀሳቅሳል። ዋናው ፋይል ላይ ፍሬው ራሱን የቻለ ቅርጽ ስለሆነ ይዤው አዞረዋለሁ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስክሪንሾቱ ላይ ፍሬው ከጀርባው ጋር የተሰፋ ነው። ሳነሳው ቀዳዳ ይቀራል።

ከዚያ የፊደሎቹ ጉዳይ አለ። ዳ እና ቦ በድሮው ጽሑፍ ውስጥ የሉም። ከስክሪንሾቱ ቀድቼ የማመጣቸው ከየትም አይደለም። ፎንቱን ማወቅ አለብኝ። ለላቲን ፊደል ምስል አይተው የፎንቱን ስም የሚነግሩ ድረ ገጾች አሉ፤ ለእኛ ፊደል ብዙም አይረዱም፤ በዓይን ማነጻጸር ነው። ኒያላ ነው? ኖቶ ነው? አቢሲኒካ ነው? ወይስ ከድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች አንዱ? 24 ፒክስል ላይ የሁለት ፎንት ልዩነት አይታይም። በግምት ሌላ ፎንት ብከት ታፔላው ላይ ና እና ዳ ጎን ለጎን ቆመው የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ የአንዷ እግር ወፍራም፣ የሌላዋ ቀጭን።

ዋናው ፋይል ቢገኝም ፊደሎቹ ከሁለት ባንዱ ዓይነት ነው የሚመጡት፤ ይህን ከአሁኑ ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ጽሑፉ ገና ጽሑፍ የሆነበት ነው፤ ጠቅ አድርጌ እጽፍበታለሁ። ግን ፎንቱ እኔ ኮምፒውተር ላይ መኖር አለበት፤ ከሌለ ፕሮግራሙ በሌላ ይተካዋል። በተለይ ፋይሉ የቆየ ከሆነና በፓወር ግዕዝ ዓይነት የተጻፈ ከሆነ፣ «ቡና» ፈንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ድርድር ይመጣል። እነዚያ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ልማዱ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ቀጥሏል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው እንዳይጥሉት፤ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው።

ሌላው ዓይነት ጽሑፉ ወደ ቅርጽ የተቀየረበት ነው። በዲዛይን ፕሮግራሞቹ፣ በኢለስትሬተር `Create Outlines`፣ በኮሬልድሮው `Convert to Curves` ይባላል። ማተሚያ ቤቶች ፎንት እንዳይጠፋባቸው ይህን ይመርጣሉ። እንዲህ ሲሆን መጻፍ አልችልም፤ ነገር ግን የፊደሎቹ ቅርጽ ንጹሕ ነው፤ ና ሁለት ጊዜ ስለምትመጣ እቀዳታለሁ፣ ቤት እንዳለ ይሄዳል። ቦን ከቡ ማውጣት ይቻላል፦ መሃል ያለችው ቅጥያ ትነሳና የቀኝ እግሩ ያጥራል። የሚቀረኝ ዳ ብቻ ነው፤ እሱን የሌሎቹን ውፍረትና የእግራቸውን አቆራረጥ እየለካሁ እሥለዋለሁ። ከምንም ይሻላል፤ ከስክሪንሾት ደግሞ በብዙ ይሻላል።

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ራሱ ስክሪንሾቱን ወደ ቬክተር አይቀይረውም?» ሳይሉ አይቀሩም፤ ታፔላ ሠሪውም እንዲህ ብሎዎት ሊሆን ይችላል። መቀየሪያ አለ። ኢለስትሬተር ላይ `Image Trace`፣ ኢንክስኬፕ ላይ `Trace Bitmap` ይባላል፤ ኮሬልድሮውም የራሱ አለው። ግን መሣሪያው ጀበና አያውቅም፣ ቤ አያውቅም። የሚያየው የቀለም ድንበር ብቻ ነው። ድንበሩ ብዥታ ከሆነ ብዥታውን በታማኝነት ይሥለዋል። ንጹሕ ክብ በአራት ነጥብ ይሣላል፤ ከእንዲህ ያለ ምስል የወጣ ክብ ግን በደርዘን የሚቆጠር ነጥብ ይዞ ይመጣል፤ በየነጥቡም ትንሽ ይጎብጣል። ሹል ማዕዘን ይድቦለቦላል። የቤ ቀለበት ትደፈናለች። በእጅ ያልተጠገነ የመቀየሪያ ውጤት ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ የሚያታልለውም ለዚህ ነው፤ በ1 ሜትር ከ20 ሲሠራ ነው ጉዱ የሚወጣው።

በታፔላ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። የላይኛውን ስም ከአክሪሊክ ተቆርጦ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ነው የፈለጉት። መቁረጫው ማሽን ምስል አያትምም፤ መስመር ነው የሚከተለው። ጫፉ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይሄዳል። ፒክስል ብሰጠው የሚከተለው መስመር የለውም፤ ፋይሉን አይቀበልም። ጎባጣ ቬክተር ብሰጠው ደግሞ ጎባጣውን እንዳለ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ አክሪሊክ አይመለስም። የስቲከር መቁረጫም፣ ማህተም መቅረጫም፣ ለኮፍያ ጥልፍ የሚያዘጋጁትም ሰዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ፋይሉ የት ይገኛል? ብዙ ጊዜ «የለኝም» የሚባለው ፋይል አለ፤ በሌላ ስም ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ ሎጎውን የሠራው ልጅ የላከልዎትን የድሮ ኢሜይል ወይም የቴሌግራም ንግግር ከፍተው `Files` የሚለውን ይዩ፤ ፎቶዎቹ ጋ አይደለም። በ`.ai`፣ በ`.cdr`፣ በ`.eps`፣ በ`.svg` ወይም በ`.pdf` የሚያልቅ ነገር ካለ ስልክዎ ባይከፍተውም ይላኩልኝ። ስልክዎ አለመክፈቱ እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ታፔላ፣ ማህተሙን ወይም ቢዝነስ ካርዱን የሠሩትን ሰዎች ይጠይቁ፤ ሥራውን ለመሥራት ቬክተር ስለሚያስፈልጋቸው ወይ ተቀብለዋል ወይ ራሳቸው ሠርተዋል። ሜኑውን በ`.pdf` የላከልዎት ካለ እሱም ይጠቅመኛል፤ ከዲዛይን ፕሮግራም በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ ውስጥ ሎጎው ሙሉ ቬክተር ሆኖ ተቀምጦ ይገኛል፤ ከፍቼ አወጣዋለሁ። በማይክሮሶፍት ወርድ የተሠራ የደብዳቤ ወረቀት ካለዎትም አይናቁት። የ`.docx` ፋይል ስሙን ወደ `.zip` ቀይሬ ስከፍተው `word/media` የሚባል ማኅደር አለው፤ እዚያ ውስጥ አንዳንዴ `.emf` ወይም `.svg` ይገኛል፣ ሌላው ቢቀር ከስክሪንሾቱ የተሻለ ትልቅ ምስል። ሎጎው በካንቫ ተሠርቶ ከሆነ የአርትዖት ሊንኩን ይላኩልኝ፤ በነጻው አካውንት `.svg` ማውረድ አይቻልም፣ `PDF Print` ግን ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፋይሉ ስም መጨረሻ ብቻ ማረጋገጫ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ፎቶውን ኢለስትሬተር ውስጥ ይጥልና `.ai` ብሎ ያስቀምጠዋል። ዕቃው ያው ፎቶ ነው፤ ካርቶኑ ተቀየረ እንጂ። መሞከሪያው ቀላል ነው። ፒዲኤፉን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው እስከ 800 በመቶ ያጉሉት፤ የጀበናው ጠርዝ ስለት እንደሆነ ከቀጠለ ቬክተር ነው፣ ከደበዘዘ ወይም ደረጃ ከሠራ ፎቶ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ በኢለስትሬተር `Ctrl+Y` እጫናለሁ፤ መስመሮች ከታዩኝ ደስ ይለኛል፣ ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየኝ መልሼ እደውላለሁ። `.svg` ከሆነ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ሲከፈት ይናገራል። እንዲህ የሚል ካለበት ውስጡ ያለው ፎቶ ነው፦

```
<image width="288" height="288"
  href="data:image/png;base64,iVBORw0KGgo..."/>
```

ለሠሪዎቹ የሚልኩትን መልእክት አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ እንዳለ ቀድተው ይላኩላቸው፦ «ሰላም፣ ለቡና ቤታችን የሠራችሁትን ሎጎ ዋናውን ፋይል እንፈልገዋለን። በ`.cdr` ወይም በ`.ai`፣ ካልሆነ በ`.eps`፣ በ`.svg` ወይም በ`.pdf`። ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ያልተቀየረበት ካለ እሱንም፣ የፎንቱን ስምና የቀለሙን ቁጥር ጨምራችሁ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳያስወጧት። ቴሌግራም ፋይልን አይነካውም፤ ፎቶን ነው የሚያሳንሰው። ፋይሉን ሲጠይቁ አብሮ ሒሳብ ቢጠየቁ አይደንግጡ። ሥራውን ሲያዙ ዋናው ፋይል እንደሚሰጥዎ ካልተነጋገሩ፣ ብዙ ዲዛይነር እሱን ለብቻው ያስከፍላል። ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ሌላ ጊዜ እንጨቃጨቅበታለን። ከእኔ ጋር ሲጨርሱ ግን ይረከባሉ።

ሎጎው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተመዘገበ የንግድ ምልክት ከሆነም ይንገሩኝ። የተመዘገበው ባስገቡት ቅርጽ ነው፤ ጽሑፉን መቀየሩ ምዝገባውን ይነካው እንደሆነ ታፔላው ከመሰቀሉ በፊት ቢጠይቁ ይሻላል።

ፍለጋው ባዶ ከሆነ ሎጎውን እንደ አዲስ በእጅ እሥለዋለሁ። ያኔ ስክሪንሾቱ መነሻ ይሆነኛል፤ ከሥር አነጥፈዋለሁና በላዩ ክቡን በክብ፣ ጀበናውን በጥቂት ነጥብ፣ ፊደሎቹን ደግሞ ከተገኘው ተቀራራቢ ፎንት እየጠገንኩ እሠራለሁ። ለእንዲህ ያለ ሎጎ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ዋጋውም ከለውጡ ዋጋ የተለየ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ነው ብዬ ግን አልምልልዎትም። የጀበናው አንገት ትንሽ ሊቀጥን፣ የፍሬው ስንጥቅ ትንሽ ሊዞር ይችላል። ልዩነቱን ለማጥበብ ሎጎው በትልቁ የታተመበትን ነገር ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። የድሮው ታፔላ ከሆነ ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብለው፣ ከሥር ወደ ላይ ሳይሆን፤ ከሥር ከተነሣ ክቡ እንቁላል ይሆናል። አንድ የወረቀት ኩባያም ይስጡኝ፤ ቡናማውን ከስክሪን ሳይሆን ከእሱ ላይ ነው ከናሙናው ጋር የማመሳስለው። ማህተሙን በነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠው ያምጡልኝ፤ ማህተም ላይ ያለው ፊደል ብዙ ጊዜ ከዋናው ፋይል የተቀረጸ ነውና የቤን ቀለበት እዚያ ላገኛት እችላለሁ።

ፋይሉ እስከ ረቡዕ ማታ ከደረሰኝ ታፔላው ቅዳሜ ይደርሳል። ካልደረሰኝ ሐሙስ ጠዋት መሣል እጀምራለሁ፤ ያኔ ለታፔላ ሠሪው ማክሰኞ ብለው ይንገሩት።